ምች ነው ያልነው ቁስል

መርሳ ገበያ ውስጥ ከአህያ ማሰሪያው ወረድ ብሎ ሰማያዊ ሸራ ዘርግቶ ጨው የሚሸጥ ሸሻይ የሚባል ሰው አለ። ከተወለደ ጀምሮ ቆዳው ነጭ ነው። ፀጉሩ የበቆሎ ጭራ ይመስላል። ዓይኖቹም አንድ ቦታ አይረጉም፣ ሁልጊዜ ይርገበገባሉ። የተማሩት አልቢኖ ይሉታል። ገበያተኛው ግን ‹‹ፈረንጁ›› ነው የሚለው። ሴቶቹ ልጆቻቸውን ሲልኩ ‹‹ፈረንጁ ጋ ሄደሽ አንድ ጣሳ ጨው›› ይላሉ። እሱም አይቀየምም ነበር። ‹‹ፈረንጅ ብሆን ጨው የምሰፍርልሽ ይመስልሻል? መኪናዬን አስነስቼ አቧራ አለብስሽ ነበር›› ብሎ ያስቃቸዋል።

የተወለደው ወልድያ ነው። ወላጆቹ ከትግራይ መጥተው እዚያ የከተሙ ነጋዴዎች ነበሩ። እናቱ ወይዘሮ ትብለፅ እስከ ሰባት ዓመቱ ድረስ ቀን ቀን ከቤት አላወጣችውም። ጎረቤት ልጇን አፍራበት ነው የደበቀችው ብሎ አማት። እሷ ግን ያየችውን አይታለች። አንድ ሰዓት ፀሐይ ላይ ከዋለ ፊቱ ቀልቶ ውኃ ይቋጥራል። ፊደል የማታውቅ ሴት ብትሆንም፣ ከሁላችን ይልቅ ነገሩ የገባት እሷ እንደነበረች ዛሬ አውቃለሁ።

እናቱ ስትሞት መብላት ግድ ሆነበትና መርሳ ወርዶ ጨው መሸጥ ጀመረ። ቤቱ ከእኔ ቤት ጋር አጥር ይጋራል። ግራ ዓይኑ ከልጅነቱ ብርሃንና ጥላ ከመለየት አያልፍም። የሚያይበት በቀኙ ነው። እሱም ቢሆን ነገሩን አፍንጫው ድረስ አስጠግቶ ነው። ብር ሲቀበል እንደሚያሸት ሰው ወደ ፊቱ ያስጠጋል። ኑሮው በሙሉ በዚያ በአንዱ ዓይን ላይ የቆመ ነበር። ይህን እኔም አውቃለሁ፣ ሠፈሩም ያውቃል።

በ2010 ዓ.ም. ክረምቱ ሲወጣ ከቀኝ ዓይኑ ጥግ ዝቅ ብሎ፣ ከአፍንጫው ጎን አንዲት ትንሽ እብጠት አየሁበት። ከምስር ፍሬ አትበልጥም። ታበራለች። ሠርግ ላይ ሴቶች በአንገታቸው የሚያደርጉትን የሉል ዶቃ ትመስላለች። ታምምሃለች ወይ ብዬ ብጠይቀው አታመኝም አለ። እኔ በዕድሜም በአነጋገርም ሠፈሩ ውስጥ የምሰማ ሰው ነኝና ምርመራውን እዚያው አጥሩ ላይ ጨረስኩት።

‹‹ምች ነው›› አልኩት። ‹‹ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ተቀምጠህ ምች ባይመታህ ነበር የሚገርመኝ።››

ግቢዬ ውስጥ ዳማከሴ አለኝ። ቅጠሉን ጨምቄ ቀባሁት። በሳምንቱ የላዩ ደርቆ ቅርፊት ያዘ። እኔም ዳነ ብዬ ኮራሁ። ፊቱን ሲታጠብ ቅርፊቱ ተነሥቶ ደማ። እንደገና ቀባሁት፣ እንደገና ደረቀ፣ እንደገና ደማ። ሦስት ዓመት እንዲህ ሆነ። ምች መጥቶ የሚሄድ ነገር ነው። ይሄኛው ግን መጥቶ ተቀመጠ። በየዓመቱ ጥቂት ይሰፋል። መካከሉ እየጎደጎደ፣ ጠርዙ እንደ ሰፌድ ከንፈር እየተጠቀለለ ሄደ። ስለማያመው እሱም ተወው። ሕመም ቢኖረው ኖሮ ቀድሞ ይሮጥ ነበር። ለእኔም ይህን ያህል ዕድል አይሰጠኝም ነበር።

ነገሩን ያወቀችው ኤደን ናት። ኤደን ጤና ጣቢያው ውስጥ የምትሠራ ወጣት የጤና መኮንን ናት። ግንቦት 2013 ላይ ጨው ልትገዛ መጥታ ጣሳውን ሲሰፍርላት ፊቱን አየችና ገንዘቡን ሳትሰጥ ተንበረከከች። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ነበር። በሁለት ጣቷ ቁስሉን ከግራና ከቀኝ ወጠር አድርጋ ወደ ብርሃን አዞረችው። ጠርዙ ላይ እንደ ክር የቀጠኑ ቀያይ የደም ሥሮች ታዩ። እስከዚያ ቀን እኔ አላየኋቸውም።

‹‹ስንት ጊዜ ሆነው?›› አለችው።

‹‹ሦስት ዓመት። ምች ነው።››

‹‹ማን ነው ምች ያለህ?››

ሸሻይ ስሜን አልጠራም። እኔ አጠገቡ ስላለሁ ነው። እኔም እኔ ነኝ አላልኩም።

ከዚያ ኤደን ቀስ ብላ አስረዳችን። የቆዳ ካንሰር ነው አለች። ካንሰር ሲባል ደነገጥን። እሷ ግን፣ ይሄኛው ዓይነት ሰነፍ ነው፣ እንደ ሌሎቹ ወደ ሳንባና ወደ ጉበት ብዙ አይሮጥም፣ ክፋቱ ባለበት ቦታ መቆፈሩ ነው፣ መጀመሪያ ቆዳውን፣ ቀጥሎ ሥጋውን፣ ቀጥሎ አጥንቱን ይበላል አለች። የሸሻይ ቆዳ የራሱ ጥላ የለውም፣ የሌላው ሰው ቆዳ ግን ጥቁረቱ ጥላው ነው ብላ ነገረችን። ፀሐዩ ከላይ ብቻ አይደለም፣ ከፊትህ የተዘረገፈው ጨውም መልሶ ፊትህ ላይ ይረጨዋል አለችው። ይህ ለእኔ ከሁሉ የከበደኝ ነገር ነው። ፀሐይ ነው ማለቴ እውነት ነበር። ግን ፀሐዩ የዛሬው አልነበረም፣ የአርባ ዓመቱ ነበር። በቅጠል የሚወጣም አልነበረም።

‹‹አሁን ትንሽ ነው›› አለችው። ‹‹ደሴ ያሉ ሐኪሞች ፊትህን ብቻ አደንዝዘው፣ ዙሪያውን ከደህናው ቆዳ ጥቂት ጨምረው ቆርጠው ያወጡታል። የቆረጡትን ለምርመራ ይልኩታል። በዚያው ቀን ወደ ቤትህ ትመለሳለህ። ካቆየኸው ግን ጋሼ ሸሻይ፣ መንገዱ ወደ ዓይንህ ነው።››

የሪፈር ወረቀት ጻፈችለት። በስልክ ቀጠሮ ያዘችለት። ለነሐሴ 20 ነበር። የራሷን ሰፊ ባርኔጣም አመጣችለት። እሱም ባርኔጣውን አድርጎ ‹‹አሁን ፈረንጅ መሆኔ ማስረጃ ተገኘ›› እያለ ገበያውን አሳቀ።

ነሐሴ 20 ሲደርስ ጦርነቱ ቀድሞን ደረሰ። ወልድያ በትግራይ ታጣቂዎች ተያዘች፣ ቀጥሎ መርሳ ተያዘች። የደሴ መንገድ ተዘጋ። ሰው ልጁን አዝሎ፣ ከብቱን ነድቶ ወደ ደቡብ ጎረፈ። ኤደንም በእግሯ ከሄዱት ጋር ሄደች። ጤና ጣቢያው ባዶ ሆነ፣ አልጋውም መድኃኒቱም አልቀረም። እኔ እግሬ አልሄድልህ አለኝና ቀረሁ። ሸሻይ ደግሞ የት ይሂድ? ወደ ደቡብ ቢሄድ በአነጋገሩ፣ በመታወቂያውም ላይ ብሔር ከሚለው አጠገብ በተጻፈው ይጠረጠራል። እዚህ ቢቀር ደግሞ እኛው አለን። እኛን መረጠ።

በእነዚያ አራት ወራት ሠፈሩ ቤቱን አንኳኳ። ትግርኛ የሚያውቅ እሱ ብቻ ነበርና። እህል ሊወስዱ ሲመጡ ሸሻይን ጥሩት ይባላል። በር ሲሰበር ሸሻይን ጥሩት ይባላል። ባርኔጣውን ደፍቶ፣ ቁስሉን በነጠላ ሸፍኖ ይወጣል። አንዳንዴ ይሰሙታል፣ አንዳንዴ ገፍትረው ያልፋሉ።

በጥቅምት ወር አንድ ጥዋት በሬዬን ሊያርዱ ፈትተው ወሰዱት። ቡላ በሬ ነው። የሚያርስልኝ እሱና የሲራጅ በሬ ተቀናጅተው ነው። ሲራጅ በአህያ ጋሪ ዕቃ የሚያመላልስ፣ ከአጥሬ ማዶ የሚኖር ጎረቤቴ ነው። እሱ ሮጦ ሸሻይን ጠራው። ሸሻይ መንገዱ ላይ ደርሶ ከወታደሮቹ መሪ ጋር ብዙ አወራ። መሪው መጀመሪያ መልኩን አይቶ ሳቀበት። ከዚያ ነጠላውን ገልጦ ቁስሉን አሳየው። ሰውዬው መሳቁን ተወና ገመዱን ወርውሮለት ሄደ።

በሬዬን እየሳበ ሲያመጣልኝ ምን ብለህ አስለቀቅኸው ብዬ ጠየቅሁት።

‹‹የኔ ነው አልኳቸው›› አለኝ። ‹‹ዓይኔ ሊጠፋ ነው፣ በሬውን ሽጬ ነው የምታከመው አልኳቸው። ግማሹ እውነት ነው አያ ወንድሙ፣ ግማሹን እግዜር ይቅር ይበለኝ።››

ጉልበቱን ልስም ጎንበስ ብል ያዘኝ። ‹‹ኧረ አይሆንም፣ በዚህ ዕድሜዎ!›› አለኝ። ያን ቀን የተናገረውን ቃል ሲራጅም ሰምቷል፣ እኔም ሰምቻለሁ። ይህን የምጽፈው ሰምቼ እንደነበር እንዲታወቅ ነው።

ታኅሣሥ 2014 ላይ መከላከያ ገባ። ሰው ተመለሰ። ኤደንም ጥር ላይ ተመለሰች። የመጀመሪያ ሥራዋ ሸሻይን መፈለግ ነበር። ነጠላውን ስታነሣ ቁስሉ የታችኛውን የዓይን ቆብ ጠርዝ ነክቶ ነበር። መካከሉ ጉድጓድ ሆኗል። ዓይኑ ግን ያያል። በዚህ ወር መሄድ አለበት አለች። ወልድያ ያለው ሆስፒታል የተዘረፈውን ገና አልተካም ነበርና ያለው ደሴ ብቻ ነው።

ያን ሳምንት ሚኒባስ ተሳፍሮ ሄደ። ውርጌሳ አካባቢ ኬላ ላይ መታወቂያውን አይተው አወረዱት። የሪፈሩን ወረቀት አሳየ። ከሠፈርህ ኮሚቴ የድጋፍ ደብዳቤ ይዘህ ና ብለው መለሱት። በእግሩ ተመለሰ። በፀሐይ።

በዚያን ጊዜ ሠፈሩ ውስጥ ማን ከማን ጋር እንደዋለ የሚያጣራ ኮሚቴ ተቋቁሞ ነበር። ሰብሳቢው በላይ የሚባል ጡረተኛ ነው። በላይ ክፉ ሰው አልነበረም። ወንድሙን ግን በዚያ ክረምት ቀብሯል፣ ትግርኛ ሲሰማ ፊቱ ይለወጣል። ደብዳቤ ከመጻፋችን በፊት በእነዚያ ወራት ምን ሲሠራ እንደነበር ሁለት ጎረቤቶች ይመስክሩ አለ። ሸሻይ ሲራጅንና እኔን ጠራ።

ሲራጅ ቀድሞ ገባ። መጻፍ አይችልም። የተናገረውን ጸሐፊው ጻፈለት፣ እሱም አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ፈረመ። ‹‹ወላሂ፣ ይሄ ሰው ባይኖር ሠፈራችን ባዶውን ነበር የሚቀረው። በሬያችንን ያስጣለን እሱ ነው›› ብሎ ወጣ። እንዲህ ባለ ጊዜ ቤቱ ውስጥ የነበሩት ተያዩ። አንዱ ‹‹በሬ ያስመልስ የነበረ ሰው ምን ያህል ቢሰማ ነው?›› አለ። ሌላው ሳቀ።

ከዚያ እኔ ገባሁ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ዘግይቼ፣ ሃምሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ፣ በራሴ ጥረት ነው። አውራ ጣቴን ቀለም አልነክርም። ወረቀት ስጡኝ፣ ራሴ እጽፋለሁ አልኩ። በላይ ከወንበሩ ተነሥቶ ቦታውን ለቀቀልኝ። ቀድሞ የሳቁት ሰዎች እያዩኝ ነው። ሁለት ልጆቼ መንደሩ ውስጥ ይኖራሉ። ነገ ደግሞ ‹በሬውን ያስመለሰለት ለምን ይሆን› ብለው በእኔ ላይ እንደሚነሡ ታየኝ። ብዕሩን አነሣሁ። ከዚያ በጥሩ ጽሕፈት፣ ሥርዝ ድልዝ ሳይኖርበት፣ ይህን ጻፍኩ፦

‹‹አቶ ሸሻይ ጎረቤቴ ናቸው። ከታጣቂዎቹ ጋር ሲነጋገሩ በዓይኔ አይቻለሁ። ትግርኛ ስለማልችል ምን እንደተባባሉ አላውቅም።››

ቃል በቃል ቢመረምሩት ሐሰት አይገኝበትም። ትግርኛ አልችልም። እሱ ራሱ በአማርኛ እንደነገረኝ ግን አልጻፍኩም። በላይ አንብቦ ‹‹አባባ፣ እንዲህ ነው እንጂ ምስክርነት። የሚያውቁትን ብቻ ጻፉ›› ብሎ አመሰገነኝ። ያን ጊዜ ምስጋናው ደስ አለኝ። 

ደብዳቤው ተከለከለ። አንድ አሻራና አንድ ጽሑፍ ሲመዘን ጽሑፉ ደፋ አሉ። ሸሻይ ከከተማ እንዳይወጣ፣ በየሦስት ቀኑ እየመጣ እንዲታይ ተወሰነ። ሲነግሩት ‹‹እሺ›› ብቻ አለ። እኔ ምን እንደጻፍኩ አልጠየቀኝም። ሲራጅ ግን ሰማ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በአጥሩ በኩል ሲያልፍ ለእኔ ሰላምታ አይሰጥም። በሬውን ግን ለእርሻ እንደ ድሮው ያመጣው ነበር። ለመሬቱ ሲል ይመስለኛል።

የካቲት፣ መጋቢት፣ ሚያዝያ። ኤደን በየሳምንቱ እየመጣች በጨው ውኃ ታጥብለታለች፣ ፋሻ ትለውጥለታለች። ይሄ አያድነውም፣ እንዳይመረቅዝ ብቻ ነው ትላለች። ዓይኑ ማልቀስ ጀመረ። የታችኛው ቆብ ተበልቶ ስለጎደለ እንባውን የሚይዝለት አጣ። ፋሻው ሲርስ ገበያተኛው ከእሱ ጨው መግዛት ቀስ በቀስ ተወ። በጨዋታ ‹‹ፈረንጁ›› የሚሉት ሴቶች አሁን በስሙ ጠርተው ያልፉታል። ይህ ከስድቡ የባሰ ነበር።

ግንቦት ላይ አንድ ቀን ፋሻው ተፈትቶ ሲያስተካክል ደረስኩበት። በአንድ ዓመት ውስጥ የሆነውን አየሁ። ከዚያ በላይ አልገልጸውም። ቤቴ ገብቼ ስጽፍ አመሸሁና በማግስቱ በላይ ዘንድ ሄድኩ። በሬውን እንዴት እንዳስጣለኝ፣ ምን ብሎ እንደተናገረ፣ ሁሉን በዝርዝር ጽፌ ሰጠሁት። በላይ የድሮውን ወረቀት ከፋይል አውጥቶ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጣቸው።

‹‹አባባ፣ ሁለቱም የእርስዎ ጽሕፈት ነው›› አለኝ። ‹‹የቱን ልመን?››

‹‹የዛሬውን።››

‹‹ያን ጊዜ ማን አስፈራራዎት?››

ማንም አላስፈራራኝም። ይህንኑ ነገርኩት። እሱም እንግዲያው አለቆቼ የዛሬውን ማን አስጻፋቸው ይሉኛል ብሎ ወረቀቴን መለሰልኝ። በሽማግሌነቴ ያን ያህል የኮራሁበት እጄ ለሸሻይ አንዲት ቀን እንኳ መግዛት አልቻለም። ሲመሰክርበት የከበደው ጽሑፍ ሲመሰክርለት ገለባ ሆነ።

ነሐሴ ላይ ጦርነቱ እንደገና ተነሣ። ስለ ደብዳቤ የሚያወራ ጠፋ። ሰው በየሌሊቱ ተኩስ እያዳመጠ ዕቃውን ቋጥሮ ይጠብቃል። ጥቅምት 2015 መጨረሻ ላይ ስምምነት ተፈረመ ተባለ። ኅዳር ላይ ኬላው ላላ። ሲራጅና ኤደን ሸሻይን መካከላቸው አስቀምጠው ደሴ ሄዱ። እኔ ልከተል ብዬ መናኸሪያው ድረስ መጥቼ ነበር። ሲራጅ ቦታ የለም አለኝ። ሁለት ወንበር ባዶ ሲሆን አይቻለሁ። አልተከራከርኩም።

ሐኪሙ ያላቸውን የነገረችኝ ኤደን ናት። መርምሮ በሽታው ዓይኑ ወደተቀመጠበት ጎድጓዳ አጥንት ገብቷል፣ ዓይኑን ማትረፍ አይቻልም አለ። የጎኑን ቆዳ ብቻ ቢቆርጡ ሥሩ ውስጥ ይቀራል፣ ሥሩ ከቀረ ደግሞ ወደ አንጎል ነው የሚሄደው። ዓይኑን ከነዙሪያው አወጡት። ከግንባሩ ላይ ቆዳ ገልብጠው ጉድጓዱን ሸፈኑት። የተቆረጠው ተመርምሮ ውጤቱ መጣ፤ ከሦስት ዓመት ምች በኋላ ኤደን አንድ ጣሳ ጨው ልትገዛ መጥታ ያለችው ራሱ ነበር። ጠርዙ ንጹሕ ነው፣ አልቀረም ብለዋል። ሐኪሙ ‹‹ያን ጊዜ ቢመጣ የግማሽ ቀን ሥራ ነበር›› አለ ብላ ነገረችኝ። ስትነግረኝ ፊቴን አላየችም። የጻፍኩትን ታውቅ ይሁን አታውቅ እስከ ዛሬ አልጠየቅኋትም።

ሸሻይ አልሞተም። ይህን ሲሰሙ ተመስገን የሚሉ አሉ። ሁለት ወር ቆይቶ ወደ ሸራው ተመለሰ። ሲራጅ ከአራት እንጨትና ከማዳበሪያ ጆንያ ዳስ ሠራለት። ጨውም እሱም ጥላ ውስጥ ተቀመጡ። የቀረው ግራ ዓይኑ ሰው ሲመጣና ሲሄድ ጥላውን ያያል እንጂ ሰውየውን አያይም። ጣሳውን በእጁ ዳብሶ ይሰፍራል። ብሩን አሁን ወደ ፊቱ አያስጠጋም። የሰጡትን በመዳፉ ይዞ ‹‹ስንት ነው የሰጠሽኝ እቴ?›› ይላል፣ የተባለውን ያምናል። ማመን ግዴታው ሆኗል።

መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ከፊቱ ቆሜ ሳል ያዘኝ። ሁሉን ልነግረው ነበር የሄድኩት፤ ወረቀቱን፣ የጻፍኩትን፣ ያልጻፍኩትን። ጥላዬን አይቶ አንገቱን ቀና አደረገ። በሳሌ ለየኝ።

‹‹አያ ወንድሙ›› አለኝ።

‹‹አቤት›› አልኩት።

‹‹በሬያችን ደህና ነው?››

ልነግረው የሄድኩትን ሳልነግረው ቀረሁ። ደህና ነው አልኩት። ጣሳውን እስከ አፉ ሞልቶ፣ በላዩ በእጁ ጨምሮ፣ ምርቃት ነው ብሎ በከረጢቴ ገለበጠልኝ። አሁንም በየገበያው ቀን ከእሱ ጨው እገዛለሁ። ቤቴ ውስጥ ለሦስት ዓመት የሚበቃ ጨው አለ። እሱም በየገበያው ቀን ያንኑ ይጠይቀኛል፣ እኔም ያንኑ እመልሳለሁ።